ቀይ ሰው ቀይ አይደለም፦ ስለ ቆዳ ቀለም ስንጽፍና ስንተረጉም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዓመታት በፊት የአንዲት የጠፋች ሴት ማስታወቂያ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ጽሑፉ አጭር ነበር። ዕድሜዋ 30 ገደማ፣ ቁመቷ መካከለኛ፣ መልኳ ቀይ፣ ፀጉሯ አጭር። ሌላውን በደቂቃ ጨረስኩት። «መልኳ ቀይ» ላይ ስደርስ ግን ብዙም ሳላስብ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለፈካ መልክ የሚሉትን «ፌር» የሚለውን ቃል አስገባሁ። በማግስቱ ማስታወቂያውን የተቀበለው ሰው ደወለልኝ። «ይቅርታ፣ የምንፈልጋት ሴት ነጭ ናት እንዴ?» አለኝ።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። አንዲት ሴት ጠፍታለች። ሰዎች ሊፈልጓት ወጥተዋል። የሚፈልጉት ግን ሌላ መልክ ያላትን ሴት ነው። ምክንያቱ የእኔ አንድ ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ የቆዳ ቀለም ስሞችን በጥንቃቄ መመልከት ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች እኔም የሠራኋቸው፣ በሌሎች ጽሑፎችም ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው።

ስህተት 1፦ የቆዳውን ስም እንደ ቀለም ማንበብ

አማርኛ የማያውቅ ሰው «ቀይ ሰው» ሲባል ቢሰማ በፀሐይ የተቃጠለ ወይም የተቆጣ ሰው ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን እንደዚያ አንሰማውም። ቀይ ስንል ፈካ ያለ ቡናማ መልክ ማለታችን ነው። ከቲማቲም ወይም ከደም ቀለም ጋር ምንም አያገናኘውም።

ይህ የአማርኛ ጉድለት አይደለም። የቆዳ ስሞች በብዙ ቋንቋዎች እንዲህ ናቸው። በአይሪሽ ቋንቋ ጥቁር ሰው «ጎርም» ይባላል። በሌላ ቦታ ግን ቃሉ ሰማያዊ ማለት ነው። ለጥቁር ነገር የሚሆን «ዱቭ» የሚባል ሌላ ቃል አላቸው። ነገር ግን «ጥቁሩ ሰውዬ» የሚለው አገላለጽ በእነሱ ዘንድ ለሰይጣን ተይዟል። በሱዳን ዓረብኛ ደግሞ «አኽደር»፣ ማለትም አረንጓዴ፣ ጠይም ለሆነ ሰው ይነገራል። «አዝረግ»፣ ማለትም ሰማያዊ፣ በጣም ጥቁር ለሆነ ሰው ነው። አረንጓዴ ሰው አይቶ የሚያውቅ ሱዳናዊ የለም። እንደዚያ የሚያስብም የለም።

ነገሩ የሚገባን የቆዳን ተፈጥሮ ስናይ ነው። ቆዳን በዋናነት ቀለም የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ቡናማው ሜላኒን ነው። ሌላው በደም ውስጥ ያለው ቀዩ ሄሞግሎቢን ነው። የሁለቱ ድምር በየትኛውም ሰው ላይ የሚሰጠው ያው የብርቱካናማ ቤተሰብ ነው፤ ወይ በጣም የፈካ፣ ወይ በጣም የጠቆረ። ቀለም በሚለካ መሣሪያ ከ0 (ፍጹም ጥቁር) እስከ 100 (ፍጹም ነጭ) ያለውን መስመር ብንወስድ፣ የአብዛኛው ሰው ቆዳ በግምት ከ30 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ወረቀት የሚመስል ነጭ ሰው የለም። ከሰል የሚመስል ጥቁር ሰውም የለም። በሰዎች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የፍካትና የጥቁረት መጠን ነው።

ታዲያ ቋንቋዎች ይህን አንድ መስመር በምን ይከፋፍሉት? በእጃቸው ያለውን የቀለም ስም ይዋሳሉ። ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። የተዋሱት ቃል የቆዳ ስም ሲሆን ሥራው ይለወጣል። የቀለሙን ዓይነት መናገሩን ይተውና ቦታን ማመልከት ይጀምራል፤ ይህ ሰው ከፈካው ወገን ነው ወይስ ከጠቆረው? በዮሩባ ቋንቋ መሠረታዊ የቀለም ስሞች ሦስት ናቸው፤ ለነጭ፣ ለቀይ፣ ለጥቁር። ፈካ ያለ መልክ ያለው ዮሩባ «ፑፓ» ይባላል። ቀይ ማለት ነው። እኛም ያንኑ ነው የምንለው። በኦሮምኛ «ዲማ»፣ በትግርኛ «ቀይሕ» እንዲሁ ቀይ ናቸው፤ ፈካ ላለ መልክም ይነገራሉ። ክፍፍሉ አዲስም አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸው የንጉሥ ዒዛና የድል ጽሑፍ ቀይ ሕዝብና ጥቁር ሕዝብ ብሎ ይለያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ቀላል ነው። የቆዳ ስም ስታነቡ «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ይህ ቋንቋ መስመሩን የት የት ላይ ነው የቆረጠው? ይህስ ቃል ከየት እስከ የት ያለውን ቁራጭ ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስህተት 2፦ ከመዝገበ ቃላት አንድ ለአንድ መመለስ

አሁን ወደዚያች ማስታወቂያ ልመለስ። «መልኳ ቀይ» የሚለውን እንዴት መመለስ ነበረብኝ? ያሉኝን አማራጮች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ቃል በቃል ቀይ ማለት ነው። አንባቢው በፀሐይ የተቃጠለ ወይም የቆዳ ሕመም ያለበት ፊት ያስባል። ስለዚህ ይወድቃል።

ሁለተኛው እኔ ያደረግኩት «ፌር» ነው። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ የነጮችን ነጭነት የሚለይ ቃል ነው። ፀጉራቸው ወርቃማ፣ ቆዳቸው በቀላሉ የሚቃጠል ሰዎች ይባሉበታል። የሕንድ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ቃሉን ከራሳቸው ሕዝብ ውስጥ ፈካ ላለው ይጠቀሙበታል። አንዱ ቃል እንደ አንባቢው ሁለት ሰው ያሳያል። ለጠፋ ሰው ማስታወቂያ አደገኛ ነው።

ሦስተኛው «ላይት ስኪንድ» ነው፤ ቆዳዋ የፈካ። ይሻላል። ነገር ግን ከማን አንጻር የፈካ? አሜሪካዊ ጥቁር አንባቢ ከራሱ ማኅበረሰብ ውስጥ የፈካውን ያስባል። ያ ለእኛ ቀይ በጣም ቅርብ ነው። ሌላ አንባቢ ግን እንደገና ወደ ነጭ ሊሄድ ይችላል።

አራተኛው ምስሉን ከሁለት ወገን ማጠር ነው። «ኢትዮጵያዊት፣ ቆዳዋ ፈካ ያለ ቡናማ» ብሎ መጻፍ። ቡናማ የሚለው ቃል ወደ ነጭ እንዳይንሸራተት ያግደዋል። ፈካ ያለ የሚለው ደግሞ ከጠይምና ከጥቁር ይለየዋል። ለሁለተኛው እትም የላክሁት ይህን ነው። ማንም መልሶ አልደወለልኝም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛው «ብራውን» ሲል ተርጓሚው «ቡናማ ሰው» ብሎ ይጽፋል። አማርኛ እንዲህ አይልም። እኛ ቡናማ የምንለው ጫማን፣ ቦርሳን፣ በርን ነው። ለሰው ጠይም አለን። ይህ ራሱ የሚገርም ነገር ነው። ከአንድ ጠይም ሰው ጉንጭ ጋር ልክ የሚመሳሰል የቀለም ናሙና ካርቶን ላይ ብትቀቡ፣ ካርቶኑን ቡናማ፣ ጉንጩን ጠይም ትሉታላችሁ። ቀለሙ አንድ ነው። ስሙ ግን ቀለሙ ያረፈበትን ነገር እያየ ይለወጣል። ጠይም ግድግዳ ሲባል ሰምታችሁ አታውቁም።

የቀለም ስሞችን የሚያጠኑ ሰዎች እንዲህ ያሉ ቃላትን ለይተው ያስቀምጧቸዋል። ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1969 ባወጡት ሥራ የቋንቋዎችን መሠረታዊ የቀለም ስሞች ሲያነጻጽሩ አንድ መስፈርት ነበራቸው፤ ቃሉ ለአንድ ዓይነት ነገር ብቻ የሚነገር መሆን የለበትም። የእንግሊዝኛው «ብሎንድ» ለፀጉር ብቻ ስለሆነ ወደቀ። በዚህ መስፈርት ጠይምም ይወድቃል። ብዙ የምንጠቀምበት ቢሆንም ከሰንጠረዡ ውጭ ነው። በካርቶን ናሙና ብቻ የሚያጠና ሰው አማርኛ የቆዳን መስመር እንዴት እንደሚከፍል ጨርሶ አያገኘውም። የቀይ ዳማንም ተመልከቱ። ዳማ የፈረስ መልክ ስም ነው። ከፈረሱ ወደ ሰው ተሻግሮ ከቀይ ዝቅ፣ ከጠይም ከፍ ያለውን ቦታ ያዘ። ይህን ቃል ለውጭ ሰው በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። በዓረፍተ ነገር ግን ይቻላል።

በዚሁ ላይ ስለ ስንዴ አንድ ነገር ልበል። ሂንዲ «ገሁዋን» የሚል የመልክ ስም አለው፤ የስንዴ መልክ። የግብፅ ዓረብኛ «ቀምሒ» ይላል፤ እሱም ከስንዴ የመጣ ነው። ስፓኒሽ «ትሪጌኞ» ይላል፤ እሱም ስንዴ። ሦስት የተራራቁ ቋንቋዎች አንድ እህል ላይ ተገናኙ። ተርጓሚ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ አንዱን በሌላው ሊተካ ይቸኩላል። ችግሩ ስንዴው አንድ ቢሆንም ሰዎቹ አንድ አለመሆናቸው ነው። በሕንድ ገሁዋን በፈካው «ጎራ»ና በጠቆረው «ሳንውላ» መካከል ያለው ነው። በፖርቶ ሪኮ ግን ትሪጌኞ ጥቁር ላለማለት በጨዋነት የሚነገር ቃል ሊሆን ይችላል፤ በጣም ጠቆር ላለ ሰውም ይባላል። የቃሉ ሥር አንድ መሆኑ ስለሚያመለክተው ሰው ምንም አይነግራችሁም።

ስህተት 3፦ ቃሉ በሰውየው ላይ የተለጠፈ አድርጎ ማሰብ

«ቀዩ ልጅ የታለ?» ሲባል ብዙ ጊዜ ከወንድሞቹ መካከል የፈካውን ለመለየት ነው። ያው ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር ቢቆም ጠይሙ ሊባል ይችላል። ቆዳው አልተለወጠም። አጠገቡ የቆሙት ተለወጡ። ስለዚህ የቆዳ ስም ከቀለም ስም ይልቅ «ረጅም»ና «አጭር» ለሚሉት ቃላት የቀረበ ጠባይ አለው።

ብራዚል ይህን በቁጥር አሳይታለች። በ1976 በተደረገ አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት ሰዎች የመልካቸውን ቀለም በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ተጠየቁ። ከ130 በላይ የተለያዩ መልሶች መጡ። ከመልሶቹ መካከል «ፀሐይ ያቃጠለው» አለበት፤ «ወደ ነጭ የሚስብ» አለበት፤ «የቀረፋ መልክ»ም አለበት። ዝርዝሩ በየጽሑፉ እየተጠቀሰ «ብራዚላውያን ከ130 በላይ ቀለም ያያሉ» ይባላል። ይህ የተሳሳተ ንባብ ነው። አብዛኛው ሕዝብ የመለሰው በጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። የቀረው ዝርዝር የጥቂት ሰዎች አባባል ነው።

ከጥቂቶቹ አንዷ «ሞሬና» ናት። ሞሬና ፀጉሯ ጥቁር የሆነ ነጭ ሴት ልትሆን ትችላለች። ጠይም ልትሆን ትችላለች። ጥቁር ልትሆንም ትችላለች፤ ተናጋሪው ጥቁር የሚለው ቃል ሻካራ ሆኖ ከታየው። ስለዚህ «ሞሬና» የሚል ነገር ብቻ አንብቦ መልኳን የሚስል ሰው እየገመተ ነው። ማን ተናገረው? ስለ ማን? ከማን ጋር እያነጻጸረ? እነዚህ ካልታወቁ ቃሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ቀላ ያለ፣ ጠየም ያለ፣ ጠቆር ያለ እንላለን። «ያለ» የምትለዋ ቃል ንጽጽሩን በግልጽ ታመጣለች። ሰው ስትገልጹ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ቀይ» ከማለት «ቀላ ያለ» ማለት ይሻላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። «ፊቱ ቀላ» ሌላ ነው። እሱ ቁጣ ወይም ሐፍረት ነው። «ጠቆረ»ም እንዲሁ፤ ሕመምን ወይም ፀሐይን ይናገራል። ግሱ የሆነውን ነገር ሲናገር ቅጽሉ ሰውየውን ይናገራል። በትርጉም ላይ ሁለቱ ሲምታቱ የታመመ ሰው ጥቁር ይሆናል፣ ጥቁር ሰው የታመመ ይመስላል።

ስህተት 4፦ «ቃሉ ከሌላቸው አያዩትም» ማለት፣ ወይም «ቃል ምንም አያደርግም» ማለት

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በ1858 ዊልያም ግላድስተን የተባለ እንግሊዛዊ ፖለቲከኛ ስለ ሆሜር ግጥሞች ሲጽፍ ባለቅኔው የቀለም ቃላት እንደሚያንሱት አስተዋለ። ከዚያም የጥንት ግሪኮች ቀለምን የማየት ችሎታቸው ገና አልዳበረም ነበር ወደሚል ድምዳሜ ሄደ። ከቃል ማነስ ወደ ዓይን ማነስ ዘለለ። ያ ዝላይ ዛሬም ይዘለላል። «እነሱ ለዚህ ቃል የላቸውም፣ ስለዚህ ልዩነቱን አያዩም» የሚል ነገር በተደጋጋሚ ታነባላችሁ። ትክክል አይደለም። ጠይምና የቀይ ዳማ የሚሉ ቃላት የሌሉት ሰው ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ብታቆሙለት ማን እንደሚፈካ ያያል።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ቃል ምንም አያደርግም ማለትም ስህተት ነው። ፖል ኬይና ዊሌት ኬምፕተን በ1984 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። በሜክሲኮ የሚነገረው የታራሁማራ ቋንቋ አረንጓዴንና ሰማያዊን በአንድ ቃል ይጠራል። አጥኚዎቹ ሦስት ሦስት የቀለም ናሙናዎች እያቀረቡ «ከሦስቱ የሚለየው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በአረንጓዴና በሰማያዊ ድንበር ማዶ ያለውን ናሙና ከእውነተኛ ርቀቱ አብልጠው አራቁት። ታራሁማራዎቹ ይህን አላደረጉም። ከዚያ አጥኚዎቹ አቀራረቡን ለወጡት። ሁለት ሁለት ናሙና ብቻ በየተራ እያሳዩ፣ መካከለኛውን ናሙና አንዴ «ከዚህ ይበልጥ አረንጓዴ»፣ አንዴ «ከዚያ ይበልጥ ሰማያዊ» የሚያሰኝ አደረጉት። አሁን ስም መስጠት አልጠቀመም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ማራራቅ ጠፋ። ዓይናቸው ያው ነበር። ፍርዱን ያጣመመው በልባቸው የሚጠሩት ስም ነበር።

በ2007 በሩሲያኛ የተደረገ ሌላ ጥናትም ወደዚሁ ያመራል። ሩሲያኛ ፈካ ያለውን ሰማያዊ «ጎሉቦይ»፣ ጠቆር ያለውን «ሲኒ» ብሎ በሁለት ስም ይለያል። ተናጋሪዎቹ ከስሞቹ ድንበር ወዲያና ወዲህ ያሉ ሁለት ቀለሞችን ሲለዩ ፈጠኑ። ቁጥር በቃላቸው ይዘው እንዲቆዩ ሲደረግ ግን ያ ፍጥነት ጠፋ። ውስጣዊው ቋንቋ በቁጥሩ ተይዞ ስለነበር ሊረዳቸው አልቻለም።

በቆዳስ? ዳንኤል ሌቪንና ማህዛሪን ባናጂ በ2006 ያወጡት ሥራ ለእኛ ጉዳይ በጣም የቀረበ ነው። ከነጭም ከጥቁርም ሊመደብ የሚችል አንድ ግራጫ የፊት ሥዕል ወሰዱ። ለአንዱ ተመልካች ከሥሩ «ነጭ»፣ ለሌላው «ጥቁር» ብለው ጻፉበት። ከዚያ የፊቱን ብርሃን በሚስተካከል ሌላ ሥዕል እንዲያመሳስሉ ጠየቁ። «ጥቁር» የሚለውን ያነበቡት ወደ ጠቆረው አደሉ። ሥዕሉ ግን አንድ ነበር። በዚሁ ሥራ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሥዕሎች ላይ ክርክር መነሳቱንም መናገር አለብኝ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች የሁለት ሰዎችን ፊት ያነጻጸሩትን ሥዕሎች አደብዝዘው፣ ዘሩን ያላወቁ ተመልካቾችም አንዱን ጠቆር አድርገው እንዳዩት አሳዩ። ስለዚህ የልዩነቱ አንድ ክፍል ከሥዕሎቹ ጥላ አሠራር የመጣ ሊሆን ይችላል። የጽሑፍ መለያው ሙከራ ግን በአንድ ሥዕል ላይ የተሠራ ስለሆነ ያ ትችት በቀጥታ አይነካውም።

ከእነዚህ ሁሉ የምወስደው ይህን ነው። ቃሉ ዓይንን አይሠራም። ነገር ግን ቀለሙ በድንበር ላይ ሲሆን፣ ወይም ሰውየው አጠገባችን ሳይኖር ከትውስታ ስንናገር፣ ቃሉ ይጎትተናል። ምስክር «ጥቁር ሰው ነበር» ብሎ አንዴ ከተናገረ በኋላ የሚያስታውሰው ፊት ወደ ቃሉ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የሰው መልክ የምትጠይቁ ከሆነ ስም አስቀድማችሁ አትስጡ። «ቀይ ነበር ወይስ ጥቁር?» የሚለው ጥያቄ መካከሉን በሙሉ ይሰርዘዋል። «ከእኔ ይፈካል ወይስ ይጠቁራል?» ብትሉ ይሻላል። አጠገቡ ያለ የሚታይ ነገር ለንጽጽር ሰጣችሁት ማለት ነው።

ስህተት 5፦ ስሙ የመጣው ከማየት ነው ብሎ ማመን

የምሥራቅ እስያ ሰዎች ለምን ቢጫ ተባሉ? ብዙ ሰው «ቢጫ ስለሚመስሉ» ብሎ ይመልሳል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ማርኮ ፖሎ የጃፓንን ሕዝብ ነጭ ብሎ ነው የገለጸው። ከእሱ በኋላም ወደ ቻይናና ጃፓን የሄዱ ብዙ አውሮፓውያን ነጋዴዎችና ሚስዮናውያን በዓይናቸው አይተው ነጭ ብለው ጽፈዋል።

ቢጫው የመጣው ሰውን በወረቀት ላይ በክፍል በክፍል ከመደርደር ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1735 ሰውን በአራት ሲከፍል ለእስያ ሰዎች የሰጠው «ፉስከስ» የሚል የላቲን ቃል ነበር፤ ጠቆር ያለ ማለት ነው። በ1758 እትሙ ግን ቃሉን በ«ሉሪደስ» ተካው። ይህ ቃል የገረጣ፣ የበሽተኛ ቢጫን የሚያመለክት ነው። በ23 ዓመት ውስጥ የአንድ ክፍለ ዓለም ሕዝብ ቆዳ አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ሰው በወረቀት ላይ የጻፈው ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ወደ ቢጫ አዘነበሉ፤ ተጓዦችም ቢጫ ማየት ጀመሩ። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የቆየ ጽሑፍ ስትተረጉሙ የቀለሙን ስም እንደ ምስክርነት አትውሰዱት። ጸሐፊው ከማን ስም እንደተዋሰ እዩ።

ስህተት 6፦ «የቆዳ ቀለም» የሚባል አንድ ቀለም ያለ ማስመሰል

ይህ አጭር ነው። ክሬዮላ የተባለው የቀለም እርሳስ አምራች «ሥጋ» ብሎ የሚጠራው ፈካ ያለ ቀለም ነበረው። በ1962 ስሙን ወደ «ኮክ» ለወጠው። በደቡብ ኮሪያ «ሳልሴክ»፣ የሥጋ ቀለም፣ ይባል የነበረው በ2002 ተለወጠ፤ አዲሱ ስም ለልጆች ስለከበደ በ2005 እንደገና «የአፕሪኮት ቀለም» ተባለ። የእኛ ማስታወቂያዎችም «የቆዳ ቀለም ያለው» ብለው ልብስ ወይም ፕላስተር ይገልጻሉ። የማን ቆዳ? «ፈካ ያለ ቤዥ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ገዢውም የሚደርሰውን ያውቃል።

ስህተት 7፦ በቅጽና በሕክምና ጽሑፍ ላይ ስሙን እንዳለ መገልበጥ

የቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ አለ። ከ1 እስከ 6 ይደርሳል። ብዙ ሰው የመልክ መለኪያ ይመስለዋል። አይደለም። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ያዘጋጀው ለአንድ የቆዳ ሕመም በጨረር የሚታከሙ ሰዎች ምን ያህል መጠን እንደሚችሉ ለመገመት ነው። መጀመሪያ መጠኑ ይገመት የነበረው በፀጉርና በዓይን ቀለም ነበር። ፀጉራቸው ጥቁር የሆነ አንዳንድ ነጭ ታካሚዎች ከባድ መቃጠል ደረሰባቸው። ስለዚህ እሱ ጥያቄውን ለወጠው፤ ፀሐይ ላይ ብትቆም ትቃጠላለህ ወይስ ትጠቁራለህ? ቡናማና ጥቁር ቆዳን የሚይዙት 5ኛውና 6ኛው ደረጃዎች የተጨመሩት በኋላ ነው።

አሁን ይህን ቅጽ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው 1ኛውን «ነጭ»፣ 2ኛውን ወይም 3ኛውን «ቀይ»፣ 5ኛውን «ጠይም» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? ራሱን ቀይ ብሎ የሚጠራ ኢትዮጵያዊ 2 ወይም 3 ላይ ምልክት ያደርጋል። እውነተኛ ቦታው ግን 4 ወይም 5 ሊሆን ይችላል። የጨረር መጠን በዚህ ከተወሰነ የተሳሳተ ሕክምና ነው። መፍትሔው የቀለም ስሞቹን ማውጣትና ጥያቄውን ራሱን መጻፍ ነው፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ብዙ ሲቆዩ ቆዳዎ ይላጣል? በኋላስ ይጠቁራል?»

ሁለተኛው የሕክምና ወጥመድ «ቆዳው ከቀላ» የሚለው ሐረግ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተመለሱ መመሪያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይዘዋል። ቁስል አመርቅዞ እንደሆነ ለማወቅ ቅላት ፈልጉ ይላሉ። በፈካ ቆዳ ላይ ከሥሩ የሚጎርፈው ደም ቀይ ሆኖ ይታያል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ሜላኒኑ ይሸፍነዋል። ቦታው ከዙሪያው የጠቆረ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ወይም ግራጫ ሊሆን ይችላል። ቀይ ብቻ የሚጠብቅ እናት «አልቀላም እኮ» ብላ ትቀመጣለች። ቃሉ ዓይኗን ወደ ሌለ ነገር ልኮታል።

እንዲህ ዓይነት መመሪያ በእጄ ሲገባ ያንን መስመር እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦ «በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከሌላው የሰውነትዎ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ከቀላ፣ ከጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ ከመሰለ፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም ከጠነከረ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»